ሰፊ አያያዝ ሰፊ ጀርባ ያመጣል?

ጂም ውስጥ ፑል አፕ የሚጀምር ሰው ከሁሉ በፊት የሚሰማው ምክር «ጀርባህ እንዲሰፋ ሰፋ አድርገህ ያዝ» የሚል ነው። ምክሩ ከሰልጣኝ ወደ ሰልጣኝ ሲተላለፍ የኖረ ነው፤ ስሜቱም እውነት ያስመስለዋል። እጆቹን ከትከሻው አርቆ የያዘ ሰው ወደ ላይ መውጣት ይከብደዋል፣ ብብቱ ስር ሲወጠር ይሰማዋል፣ ስለዚህ ጀርባው ብቻውን የሠራ ይመስለዋል። ሥራው መክበዱ ግን ጀርባው ይበልጥ መሥራቱን አያሳይም። ብዙ ጊዜ የሚከብደው አጋዥ የነበሩ ጡንቻዎች በማይመች ቦታ ላይ ስለሚገኙ ነው።

ዘንግ ላይ ስንንጠለጠል ሁለት ነገር መቀየር እንችላለን፤ በእጆቻችን መካከል ያለውን ርቀትና መዳፋችን የሚዞርበትን አቅጣጫ። ሁለቱ ብዙ ጊዜ ተደባልቀው ይነገራሉ እንጂ የሚያመጡት ለውጥ የተለያየ ነው። የመዳፉ አቅጣጫ በዋናነት ክርንን የሚያጥፉት ጡንቻዎች እርስ በርስ ሥራቸውን የሚከፋፈሉበትን መንገድ ይለውጣል። ርቀቱ ደግሞ ትከሻና ክርን የሚጓዙበትን አቅጣጫና የጉዞውን ርዝመት ይለውጣል። ላት የሚባለው ትልቁ የጀርባ ጡንቻ ግን በየትኛውም አያያዝ ዋናው ሠራተኛ እንደሆነ ይቀጥላል። ለምን እንደዚያ እንደሆነ ለመረዳት ጡንቻዎቹ የት ተነስተው የት እንደሚጣበቁ ማየት ያስፈልጋል።

ላት ከጀርባችን ጡንቻዎች ሁሉ ሰፊው ነው። ከጀርባ አከርካሪ ታችኛው ግማሽና ከዳሌ አጥንት ጫፍ ተዘርግቶ ይነሳል፤ ወደ ላይ እየጠበበ በብብት ስር ያልፍና በላይኛው ክንድ አጥንት የፊት ገጽ ላይ፣ ከትከሻ መገጣጠሚያ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይጣበቃል። እዚያው ያበቃል፤ ክርንን አይሻገርም። በመሆኑም መዳፍ ወዴት እንደዞረ ላትን በቀጥታ አይነካውም። ላት የሚሠራው የላይኛው ክንድ ከላይ ወደ ጎን ሲወርድ፣ ከፊት ወደ ኋላ ሲሳብና ወደ ውስጥ ሲዞር ነው። ፑል አፕ በየትኛውም አያያዝ ቢሠራ የላይኛው ክንድ ከራስ በላይ ካለበት ቦታ ወደ ጎድን መውረዱ አይቀርም። ያንን በማውረድ ዋናው ጡንቻ ላት ስለሆነ ከሥራው የሚያመልጥበት መንገድ የለውም።

ባይሴፕስ ግን ሌላ ዓይነት ጡንቻ ነው። ከትከሻ ይነሳና ክርንን አልፎ በታችኛው ክንድ ካሉት ሁለት አጥንቶች በአውራ ጣት በኩል ባለው ላይ ይጣበቃል። ይህ አጥንት መዳፋችንን ስንገለብጥ አብሮ የሚዞረው ነው። ስለዚህ ባይሴፕስ ሁለት ሥራ አለው፤ ክርንን ያጥፋል፣ መዳፍንም ወደ ላይ ያዞራል። ይህን በገዛ እጅ መሞከር ይቻላል። ቀኝ ክርንዎን ዘጠና ዲግሪ አጥፈው ታችኛውን ክንድ ጠረጴዛ ላይ ያሳርፉ፤ የግራ እጅዎን ጣቶች በቀኙ ባይሴፕስ ላይ ያድርጉ። መዳፍዎን አጥብቀው ወደ ጣሪያው ሲያዞሩት ጡንቻው ተሰብስቦ እብጥ ይላል። መዳፉን ወደ ጠረጴዛው ሲገለብጡት ደግሞ ይላላል፣ ይረዝማልም። ክርኑ ቅንጣት አልተንቀሳቀሰም፤ የዞረው መዳፉ ብቻ ነው።

ጠረጴዛው ላይ የታየው ነገር ዘንጉ ላይም ይደገማል። መዳፍ ወደ ራሳችን ሲዞር፣ ማለትም ብዙዎች ቺን አፕ በሚሉት አያያዝ፣ የባይሴፕስ ጅማት ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ጡንቻው በሚመቸው ቦታ ሆኖ ይጎትታል። መዳፍ ወደ ፊት ሲዞር በአውራ ጣት በኩል ያለው አጥንት በጎረቤቱ ላይ ይሻገርና የባይሴፕስ ጅማት በአጥንቱ ዙሪያ ይጠቀለላል። ጅማቱ ሲጠቀለል ከክርኑ መዞሪያ ያለው ርቀት ያጥራል። ጡንቻው በዚያው ጉልበት ቢጎትት እንኳ ክርኑን የሚያጥፍበት አቅም ይቀንሳል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። መዳፍ ወደ ፊት ሲዞር ባይሴፕስ ከሥራ ወጣ፣ ያልተሠራው ሥራም ሁሉ ወደ ጀርባ ሄደ ብሎ ማሰብ። ክርኑ ግን አሁንም መታጠፍ አለበት። ባይሴፕስ የለቀቀውን ድርሻ በመጀመሪያ የሚረከቡት ጎረቤቶቹ ናቸው። አንደኛው ከባይሴፕስ ስር የተኛው ብራኪያሊስ ነው። ይህ ጡንቻ የሚጣበቀው በማይዞረው፣ በትንሿ ጣት በኩል ባለው አጥንት ላይ ስለሆነ መዳፍ ቢገለበጥም ባይገለበጥም ጉልበቱ ያው ነው። ሁለተኛው በታችኛው ክንድ ላይ፣ በአውራ ጣት በኩል ጎላ ብሎ የሚታየው ብራኪዮራዲያሊስ ነው። እርሱ ከሁሉ የሚመቸው መዳፎች ሲተያዩ፣ አውራ ጣት ወደ ፊታችን ሲዞር ነው፤ መዳፍ ወደ ፊት ሲዞርም ግን ከባይሴፕስ የተሻለ ቦታ ይኖረዋል። በሰፊው ይዞ ብዙ ጊዜ የተነሳ ሰው በማግስቱ ከክርኑ በታች በላይኛው በኩል የሚሰማው ሕመም ከዚህ የመጣ ነው። የክንዱን ድካም አይቶ «አያያዜ ተበላሽቶ ነው» ብሎ የሚጨነቅ ጀማሪ መጨነቅ የለበትም፤ ጡንቻው የተሰጠውን ድርሻ ሠርቷል።

እነዚህን ልዩነቶች ተመራማሪዎች ቆዳ ላይ በሚለጠፉ ኤሌክትሮዶች የጡንቻን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ እየለኩ አይተዋቸዋል። በ2010 እ.ኤ.አ. ዩዳስና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ 25 ጤነኛ ሰዎችን ፑል አፕና ቺን አፕ አሠርተው ለኩ። ባይሴፕስና የደረት ጡንቻ መዳፍ ወደ ራስ ሲዞር ይበልጥ ሠሩ። ከትከሻ ጠፍጣፋ አጥንት ወደ አከርካሪው የሚወርደው የትራፒዚየስ የታችኛው ክፍል ደግሞ መዳፍ ወደ ፊት ሲዞር በለጠ። ላት በሁሉም አያያዝ ከሌሎቹ ጡንቻዎች ሁሉ በላይ ሠርቷል። በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ጥናት ሰዎች ተቀምጠው ወደ ታች በሚስቡት ማሽን፣ በላት ፑልዳውን ላይ ተሠራ። ሎስክና ባልደረቦቹ መዳፍ ወደ ፊት ሲዞር ላት በመጠኑ ይበልጥ እንደሚሠራ አገኙ። የሚገርመው ልዩነቱን ያመጣው የመዳፉ አቅጣጫ መሆኑ ነው። እጆች ቢሰፉም ቢጠቡም ውጤቱ አልተለወጠም።

ሁለቱን ጥናቶች ሳነጻጽር የምደርስበት ፍርድ ይህ ነው። መዳፍን ወደ ፊት ማዞር ላትን ሊጠቅመው ይችላል፤ ጥቅሙ ግን ትንሽ ነው፣ በሌላ መሣሪያ ሲለካም ላይታይ ይችላል። በባይሴፕስ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ግን ክንዳችን ከተሠራበት መንገድ የሚመነጭ ነው። ኤሌክትሮድ የሚለካው ጡንቻው ምን ያህል እንደተቀሰቀሰ እንጂ ምን ያህል ጉልበት እንዳወጣ ወይም በወራት ውስጥ ምን ያህል እንደሚያድግ እንዳልሆነም መዘንጋት የለበትም።

ወደ ስፋቱ እንመለስ። 70 ኪሎ የሚመዝን፣ ከአንዱ ትከሻ አጥንት ጫፍ እስከ ሌላው 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወጣት እናስብ። ከትከሻው መገጣጠሚያ እስከ ክርኑ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ከክርኑ እስከ ጨበጠው ዘንግ ደግሞ ሌላ 30 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ይህ ልጅ መጀመሪያ እጆቹን በትከሻው ልክ በ40 ሴንቲ ሜትር፣ ቀጥሎ በአንድ ተኩል እጥፍ በ60፣ በመጨረሻም በሁለት እጥፍ በ80 ሴንቲ ሜትር አራርቆ ይይዛል።

ክንዶቹን ዘርግቶ ሲንጠለጠል በጠባቡ አያያዝ ትከሻው ከዘንጉ 60 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። በመካከለኛው 59፣ በሰፊው 56 ተኩል ገደማ ይሆናል፤ ክንዶቹ ወደ ጎን ስለተከፈቱ ሰውነቱ ከመጀመሪያውም ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። አገጩ ዘንጉ ጋ ሲደርስ ትከሻው በሦስቱም አያያዝ ከዘንጉ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል በታች ይሆናል እንበል። ስለዚህ በጠባቡ 40 ሴንቲ ሜትር፣ በሰፊው 36 ተኩል ገደማ ተጉዟል። ልዩነቱ ከአንድ አሥረኛ ያነሰ ነው። የትከሻው ጠፍጣፋ አጥንት እንቅስቃሴ ቁጥሩን ትንሽ ያዛባዋል፤ አካሄዱ ግን ያው ነው።

ክርኑ ላይ ግን ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። በጠባቡ አያያዝ ክርኑ ከቀጥታ ተነስቶ በላይኛውና በታችኛው ክንድ መካከል 40 ዲግሪ ያህል እስኪቀር ይታጠፋል። በሰፊው 55 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቆማል። በሰፊው የያዘ ሰው የክርኑን መታጠፍ የመጨረሻ ክፍል ጭራሹን አይሠራውም። ባይሴፕስም ሆነ ጎረቤቶቹ ጉዟቸው ያጥርባቸዋል። ጠባብ አያያዝ ክንድን ይበልጥ ያሠራል የሚባለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ስፋት የሸክሙንም አቅጣጫ ይለውጣል። ቀጥ ብሎ ሲንጠለጠል እያንዳንዱ ክንድ 35 ኪሎ ይይዛል። በ80 ሴንቲ ሜትር አራርቆ ሲይዝ ክንዶቹ ወደ ጎን ያዘነበሉ ስለሆኑ እያንዳንዱ 37 ኪሎ ገደማ ይወጠራል። ልጁ አልወፈረም፤ የተጨመረው ሁለት ኪሎ ክንዶቹ ወደ ጎን በማዘንበላቸው የመጣ ነው። ይህ ጭማሪ ከፍ አያደርገውም፤ ድካም ብቻ ነው።

ይህ ስሌት በተግባር ከተለካው ጋር ይስማማል። በ2014 እ.ኤ.አ. አንደርሰንና ባልደረቦቹ 15 ወንዶችን በላት ፑልዳውን ላይ በእነዚሁ ሦስት ስፋቶች፣ በትከሻ ልክ፣ በአንድ ተኩል እጥፍና በሁለት እጥፍ፣ አሠሯቸው። ስድስት ጊዜ ብቻ ሊስቡት የሚችሉት ክብደት በጠባቡና በመካከለኛው 80 ኪሎ ገደማ ሲሆን በሰፊው ወደ 77 ወረደ። መላው እንቅስቃሴ ሲታይ የላት እንቅስቃሴ በሦስቱም ተመሳሳይ ነበር። ባይሴፕስ ወደ ታች በሚስብበት ጊዜ በመካከለኛው ከጠባቡ ይበልጥ ሠርቷል። ሰፊ አያያዝ ለላት ብልጫ ያሳየው ክብደቱን እየተቆጣጠሩ በመመለስ ላይ ሳሉ፣ ያውም ከጠባቡ ጋር ሲነጻጸር ብቻ ነው። ሰፊ ጀርባ በሰፊ አያያዝ ብቻ ይመጣል የሚለውን እምነት ለመደገፍ ይህ አይበቃም።

ታዲያ አንዳንድ ሰው ለምን ሥራው ሁሉ ባይሴፕሱ ላይ ይወድቅበታል? መልሱ ብዙ ጊዜ የታችኛው ክንድ ዝንባሌ ላይ ነው፤ በእኔ እምነት ፑል አፕ ለሚሠራ ሰው ከስፋት ቁጥር ይልቅ መታወቅ ያለበት ይህ ነው። ክብደታችን ከዘንጉ በቁም ወደ ታች ይጎትታል። የታችኛው ክንድ በቁም ከሆነ፣ ማለትም ክርን በትክክል ከእጅ ስር ካለ፣ ይህ ጉልበት በክርኑ ውስጥ ያልፋል፤ ክርኑን የሚዘረጋው ነገር አነስተኛ ነው። ክርኑ ከእጁ ስር ወጥቶ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር ግን ክብደቱ ክርኑን ለመዘርጋት ይታገላል፤ ክርን አጣፊዎቹም ያንን ለመቋቋም መጎተት ይኖርባቸዋል።

በዚያው ልጅ ላይ እናስላው። የታችኛው ክንዱ ከቁም 20 ዲግሪ ቢያዘነብል ክርኑ ከእጁ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ጎን ይርቃል። በዚያ ርቀት ላይ 35 ኪሎ አለ። የባይሴፕስና የጎረቤቶቹ ጅማቶች ከክርኑ መዞሪያ ያላቸው ርቀት ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ክርኑን ባለበት ለመያዝ ብቻ በአንዱ ክንድ ያሉት አጣፊዎች ተደምረው ወደ 80 ኪሎ የሚደርስ ጉልበት መጎተት አለባቸው። ዝንባሌው ወደ 10 ዲግሪ ቢቀንስ ሥራቸውም ወደ 40 ኪሎ ገደማ ይወርዳል። የእጁ ቦታ አልተለወጠም፤ ክርኑ አምስት ሴንቲ ሜትር ወደ እጁ ስር ተመለሰ እንጂ። ሁለት ሰዎች በአንድ ዓይነት አያያዝ እየሠሩ አንዱ ጀርባው፣ ሌላው ባይሴፕሱ የሚደክመው በዚህ የተነሳ ነው።

ይህን ለማየት ስልክን ከጎን አቁሞ መቅረጽ ይበቃል። ቪዲዮው ላይ ከጨበጠው እጅ ወደ ታች አንድ ቀጥ ያለ መስመር እንዳለ አድርጎ መመልከትና ክርኑ ከመስመሩ ምን ያህል እንደወጣ ማየት ነው። መዳፍ ወደ ራስ ሲዞር ክርኖች በተፈጥሮ ከፊት ሆነው ስለሚጓዙ ዝንባሌው ይበዛል፤ ባይሴፕስም ሁለት ጊዜ ሥራ ይጨመርለታል፣ አንዴ በጅማቱ አቀማመጥ፣ አንዴ በዝንባሌው። አሠልጣኞች «በእጅህ አትሳብ፣ ክርንህን ወደ ጎድንህ አውርድ» የሚሉት ነገር ጥሩ የሚሆነው ለዚህ ነው። ክርኑን ለማውረድ ያሰበ ሰው ዘንጉን ወደ አገጩ ለማምጣት ካሰበው ይልቅ የታችኛውን ክንዱን በቁም ይዞ ይጓዛል።

እስካሁን ጣቶቻችንን ትተናቸዋል። ዘንጉን የሚጨብጡት ረጃጅም ጡንቻዎች ከክርን ውስጠኛ እብጠት አካባቢ ተነስተው በአንጓ በኩል እስከ ጣቶች ጫፍ ይደርሳሉ። ሌሎቹ ጡንቻዎች ስንወጣና ስንወርድ ሥራቸው ይፈራረቃል፤ እነዚህ ግን ከተንጠለጠልንበት እስክንወርድ አንድ አፍታ አያርፉም። በብዙ ሰው ላይ ዙሩን የሚጨርሱት እነርሱ ናቸው፤ ላት ገና አቅም እያለው ጣት ይከፈታል።

በእነርሱ ላይ ከመዳፍ አቅጣጫ ይልቅ የሚወስነው የዘንጉ ውፍረት ነው። አዲስ አበባም ሆነ ክልል ከተሞች በየሰፈሩ ወጣቶች የሚሠሩበት ዘንግ ብዙ ጊዜ በሁለት ምሰሶ መካከል የተበየደ የውሃ ቱቦ ነው። ባለ አንድ ኢንች የሚባለው ቱቦ በውጭ በኩል 33 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው፤ ጂም ውስጥ ካለው መደበኛ ዘንግ ብዙም አይርቅም፣ አውራ ጣትም በሌሎቹ ጣቶች ላይ ሊደርብ ይችላል። ባለ አንድ ተኩል ኢንቹ ግን 48 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። በዚህ ላይ የብዙ ሰው አውራ ጣት ከሌሎቹ ጋር አይገናኝም፤ እጁ ተከፍቶ ይቀራል፣ ቱቦው ከመዳፉ ወደ ጣቶቹ ጫፍ መንሸራተት ይጀምራል። እንዲህ ባለ ቱቦ ላይ አሥር ጊዜ የሚነሳ ልጅ የክንድ ጉልበቱ የሚደነቅ ነው፤ ለጀርባው ግን ቀጭኑ ቱቦ ይሻለው ነበር። የሚያበየድ ሰፈር ካለ ባለ አንድ ኢንቹን መምረጥ ከማንኛውም የአያያዝ ምክር ይበልጣል። ብየዳው ሰውን ከነመወዛወዙ የሚችል መሆኑ ግን ከውፍረቱም በፊት መታየት አለበት።

በቁመቱ አንድ ዓይነት በሆነ ዘንግ ላይም ዘንጉ መዳፍ ውስጥ የሚያርፍበት ቦታ ለውጥ ያመጣል። በመዳፉ መሃል ከተያዘ፣ ስንንጠለጠል ቆዳውን እየሰበሰበ ወደ ጣቶቹ ሥር ይወርዳል፤ ቋጠሮ የሚሠራውና የሚላጠውም በዚህ ነው። መጀመሪያውኑ በጣቶች ሥር፣ ቋጠሮ ከሚወጣበት መስመር ላይ መያዝ ይሻላል። አውራ ጣትን ከሌሎቹ ጋር በአንድ ጎን አድርጎ የሚይዝ ሰው አንዳንዴ ጀርባው ይበልጥ እንደሚሠራ ይሰማዋል፤ ጥበቃውን ግን ያጣል፤ በላብ እጅና በለሰለሰ ቱቦ ላይ አልመክረውም።

አሁን ወደሚጎዳው ነገር። በጣም ሰፊ አያያዝ ዋጋ የሚያስከፍለው ትከሻ ላይ ነው። ክንድ ወደ ጎን ተከፍቶ ወደ ውጭም ዞሮ ሲጫን በትከሻ ጣሪያ ስር ያለው ጠባብ ቦታ ይጠብባል፤ እዚያ የሚያልፉት ጅማቶችም ሊቆነጠጡ ይችላሉ። በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ፕሪኖልድና ቡል የትከሻን ጠፍጣፋ አጥንት እንቅስቃሴ በሦስት ዓይነት ፑል አፕ መርምረው በ2016 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ሰፊው አያያዝና መዳፍ ወደ ራስ የዞረበት አያያዝ ከተለመደው ይልቅ ለዚህ መቆንጠጥ ሊያጋልጡ እንደሚችሉ አሳስበዋል። በሰፊው አያያዝ ጠፍጣፋው አጥንት ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንቀሳቀስበት ስፋት ያንሳል። ምልክቱ የጡንቻ ድካም አይመስልም። ትከሻ ላይ ከፊት ወይም ከላይ የሚወጋ፣ ክንዱን ወደ ጎን ሲያነሱ መካከል ላይ ሲደርስ የሚብስ ሕመም ነው። ይህ የተሰማው ሰው እጆቹን ማቀራረብ እንጂ «ይለምዳል» ብሎ መቀጠል የለበትም። ሕመሙ እጆች ተቀራርበውም ካልለቀቀ ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ሊያየው ይገባል።

መዳፍ ወደ ራስ የዞረበት አያያዝ ደግሞ ክርንና አንጓን ይፈትናል። ቀጥ ያለ ዘንግ መዳፉ ሙሉ በሙሉ እንዲዞር ያስገድዳል፤ የሁሉም ሰው ክንድ ግን ያን ያህል አይዞርም። ክርኖችን ከጎድን አስጠግቶ፣ ዘጠና ዲግሪ አጥፎ መዳፎችን ወደ ሰማይ ማዞርና መመልከት ይቻላል። መዳፎቹ እንደ ጠረጴዛ ለጥ ካላሉ፣ ትንሿ ጣት ከአውራ ጣት ዝቅ ብላ ከቀረች፣ ዘንጉ ላይ የጎደለውን መዞር አንጓና የክርኑ ውስጠኛ ጎን ይከፍሉታል። በክርኑ ውስጠኛ እብጠት ላይ ሲጫኑት የሚያም ነገር የዚህ የመጀመሪያ ምልክት ነው። እንዲህ ላለ ሰው መዳፍ ለመዳፍ የሚተያይበት እጀታ፣ ከተገኘ፣ ከሁሉ የተሻለ ነው። ካልተገኘ የቺን አፕ አያያዙን ከትከሻ ልክ ሳያጠብብ መያዝ ይረዳል፤ መዳፍ ወደ ላይ ሲዞር የታችኛው ክንድ በተፈጥሮው ከክርን ወደ ውጭ ትንሽ ስለሚያዘነብል እጆችን ማቀራረብ አንጓውን ያጣምመዋል።

ለመሥራት ለሚፈልግ ሰው ይህን ሁሉ ወደ ዘንጉ ማምጣት ከባድ አይደለም። አንድ ሰው ከአንዱ ትከሻ አጥንት ጫፍ እስከ ሌላው በሜትር ይለካለት። ልኬቱ 40 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ዘንጉ ላይ በ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት ሁለት ቦታ በፕላስተር ምልክት ያድርግና አመልካች ጣቶቹን እዚያ ያሳርፍ፤ መዳፍ ወደ ፊት። ለጀርባ ዋናው አያያዝ ይህ ይሁን፤ በእያንዳንዱ ቀን በአንድ ቦታ መያዙ መሻሻሉን ለማወቅም ይረዳዋል። ላት ገና ትኩስ ሳለ ይህን መጀመሪያ መሥራት፣ ሲደክም ወደ ቺን አፕ መዞር ደግሞ ጥሩ ቅደም ተከተል ነው፤ ባይሴፕስ የራሱን ድርሻ ሲጨምር ልምምዱ ሳይቋረጥ ጥቂት ዙር ይቀጥላል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ባይሴፕስ ቀድሞ ስለሚደክም መዳፍ ወደ ፊት ዞሮ የሚሠራው ፑል አፕ በክንድ ድካም ይቋረጣል።

ማን ቀድሞ እንደደከመ የሚያሳየው ዙሩ የቆመበት ቦታ ነው። ጣቶቹ እየተከፈቱ የወረደ ሰው የጨበጣ ጡንቻዎቹ አልቀዋል፤ ከልምምዱ በኋላ ዝም ብሎ መንጠልጠል ወይም ለጀርባ በሚሠራቸው የመጨረሻ ዙሮች እጁን በማሰሪያ ማጠንከር ይችላል። ክርኑ ዘጠና ዲግሪ ገደማ ታጥፎ መካከል ላይ የሚቆም ሰው ብዙ ጊዜ ክርን አጣፊዎቹ ደክመዋል፤ ቪዲዮውን አይቶ የታችኛው ክንዱ ዝንባሌ በዝቶ እንደሆነ ይመርምር። ከተንጠለጠለበት መነሳት ያቃተው፣ ወይም አገጩ ሊደርስ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሲቀረው ትከሻው ወደ ጆሮው እየወጣ የሚቆመው ደግሞ የላትና ጠፍጣፋውን አጥንት ወደ ታችና ወደ ኋላ የሚስቡት ጡንቻዎች ድካም ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ክንዱን ሳያጥፍ ተንጠልጥሎ ትከሻውን ብቻ ወደ ታች ይሳብ፣ ሁለት ሰከንድ ይያዝና ይልቀቅ። እንቅስቃሴው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ክርኑ በፍጹም መታጠፍ የለበትም፣ ከታጠፈ ሥራው እንደገና ወደ ክንዱ ተመልሷልና።